ወረቀቱ ቢጠፋ፣ ስሙ ቢሳሳት፦ መዝገቡ ምን ይላል?



የተመራቂ ተማሪዎች ኮሚቴ ሲጋብዘኝ ርዕሱንም አብሮ ሰጥቶኛል። «ማስረጃ ሲጠፋ ወይም ስም ተሳስቶ ሲጻፍ ምን እናድርግ? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረናል» ብላችሁኛል። ብዙ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሬጅስትራር መስኮት ከውስጥ በኩል ስለሆነ ጥያቄውን በደስታ ተቀብያለሁ። በዚያ መስኮት ፊት ሥራ አግኝቶ በአንድ ፊደል ምክንያት የታገደ ልጅ አይቻለሁ፤ ዲግሪው በቤት ቃጠሎ የጠፋበት አባወራም አይቻለሁ። አብዛኞቹ መፍትሔ ነበራቸው፤ የከበዳቸው ከየት መጀመር እንዳለባቸው አለማወቃቸው ነው።

ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ ስህተቱ የት እንደሚወለድ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚታረም፣ በመጨረሻም የጠፋ ማስረጃ እንዴት እንደሚተካ እንነጋገራለን። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንያዝ፤ እየደጋገምኩ እመለስበታለሁ። በእጃችሁ የምትይዙት ዲግሪ፣ ቴምፖ ወይም የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት የመዝገቡ ግልባጭ ነው። ዋናው መዝገቡ ነው። መዝገብ ስል ስትገቡ የሞላችሁትን ቅጽ፣ የግል ማህደራችሁን፣ መምህራን ፈርመው ያስረከቡትን የውጤት ሮስተርና ሴኔቱ ያጸደቀውን የተመራቂዎች ዝርዝር ማለቴ ነው። ስለዚህ ወደ ሬጅስትራር ስትመጡ ሠራተኛው በልቡ የሚጠይቀው «መዝገቡ ምን ይላል?» ብሎ ነው። «እኔ እኮ ራሴ ነኝ፣ ስሜን እኔ አላውቀውም?» ብትሉት እያመናችሁም ቢሆን መልሱን የሚፈልገው ከመዝገቡ ነው። ይህን ከተረዳችሁ የሚጠየቁት ወረቀቶች ሁሉ ለምን እንደሚጠየቁ ይገባችኋል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ስም የት ይሳሳታል?

አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተኑ የክፍል ኃላፊው መምህር የሃምሳ ስልሳ ልጅ ስም በአማርኛ ሰብስቦ እንግሊዝኛውን በራሱ ግምት ይሞላዋል። በ12ኛ ክፍል ለብሔራዊ ፈተና ስትመዘገቡ ያ ስም ወይ እንዳለ ይወሰዳል፣ ወይ እንደገና በግምት ይጻፋል። ከዚያ ወደ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይሄዳል፤ ሰርተፊኬታችሁም በዚያው ይታተማል። ዩኒቨርሲቲ ስትመደቡ የሚመጣው ዝርዝር ያንኑ ስም ይዞ ይመጣል። ምንጩ ከደፈረሰ ታች ወርዶ ወንዙን ማጥራት አይቻልም፤ የስም ጉዳይም እንደዚሁ ነው።

በእኛ አገር ይህ የሚብሰው ስማችን በግዕዝ ፊደል አንድ ሆኖ በላቲን ፊደል ብዙ መልክ ስለሚይዝ ነው። «ቅድስት» የምትባል ልጅ Kidist፣ Kidest ወይም Qidist ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ሦስቱም ስህተት አይደሉም፤ ግን በአንድ ሰው ሦስት ወረቀቶች ላይ ከተገኙ የውጭ ተቋም ሦስት ሰዎች ያያል። የሚያስቸግረን ሌላው ልማድ ማሳጠር ነው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉ ስሞችን በእዝባር ቆርጠን «ገ/ሚካኤል»፣ «ወ/ጊዮርጊስ» ብለን እንጽፋለን። አገር ቤት ማንም ይረዳዋል። ኮምፒውተር ግን እዝባሩን ስም ውስጥ ላይቀበለው ይችላል፤ የውጭ አገር ማስረጃ አመዛዛኝም G የሚለውን ለብቻው እንደቆመ ስም ሊያነበው ይችላል።

በአማርኛውም በኩል አንድ ነገር አለ። ፀሐይ በ«ፀ» ተጻፈ በ«ጸ»፣ በ«ሐ» ሆነ በ«ሀ» ለሚያነበው ሰው ለውጥ የለውም። ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን እንደ ተለየ ፊደል ስለሚቆጥር፣ ሠራተኛው በአንዱ ሲፈልግ በሌላው የተመዘገበው አይወጣለትም። «ስምሽ የለም» የተባላችሁ ልጆች፣ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት በሌላኛው ፊደል እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛውና ወደ ዋናው ነጥቤ እንለፍ፤ እርማት።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ስሙ ለማስረዳት የተፈጠረ እንጂ የማንም አይደለም። ፀሐይ ገብረሚካኤል ወልዴ የምትባል ተመራቂ አለች እንበል። ለውጭ አገር የማስተርስ ትምህርት ልታመለክት ወረቀቶቿን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። እንዲህ ይላሉ፦

```
12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት : Tsehay G/Michael Wolde
ትራንስክሪፕት        : Tsehay Gebremichael Wolde
ቴምፖ              : Tsehaye Gebremichael Wolde
ፓስፖርት            : Tsehay Gebremikael Wolde
```

ልጅቷ ደንግጣ «ስሜ አራት ቦታ ተበላሽቷል» ብላ ብትመጣ እኔ የማየው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው። ሦስቱም የተወለዱበት ቦታ ለየብቻ ስለሆነ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው።

መጀመሪያ ቴምፖውን እንይ። Tsehaye የሚለው መጨረሻ ላይ አንድ e ጨምሯል። ይቺ አንዲት ፊደል ስሙን «ፀሐዬ» አስብላ የወንድ ልታደርገው ትችላለች። ትራንስክሪፕቱ ግን ትክክል ነው። ይህ ማለት መዝገቡ ደህና ነው፣ የተሳሳተው ቴምፖውን የተየበው እጅ ነው ማለት ነው። ከሁሉ የቀለለው እርማት ይህ ነው። ፀሐይ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የተሳሳተውን ቴምፖ ዋናውን ትመልሳለች፣ መታወቂያና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷን ታያይዛለች። ሠራተኛው ማህደሯን ያወጣል፣ የመግቢያ ቅጹንና ሴኔቱ ያጸደቀውን ዝርዝር ያመሳክራል፤ ሁለቱ Tsehay ካሉ የድሮው ይመክንና አዲስ ይታተማል። ማመልከቻው ላይ «ስሜ ተሳስቷል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። «ቴምፖው ላይ Tsehaye የተባለው፣ በማህደሬና በትራንስክሪፕቴ ላይ እንዳለው Tsehay ተብሎ ይስተካከልልኝ» ብላችሁ ከየት ወደ የት እንደሆነ አስቀምጡ። ይህን የመሰለ ማመልከቻ ሠራተኛውን ከግምት ያድነዋል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስህተቱ በሴኔቱ ዝርዝር ላይም ካለ ጉዳዩ ይከብዳል። ዲግሪ የሚሰጠው ሴኔቱ ነው። ሴኔቱ ያጸደቀውን ስም የመስኮት ሠራተኛ በራሱ ሥልጣን ሊነካው አይችልም፤ ጉዳዩ ወደ ላይ ወጥቶ ውሳኔ ማግኘት አለበት። እናንተ ግን ገና ስላልተመረቃችሁ ይህን ለመከላከል ጊዜ አላችሁ። በየዓመቱ ከምርቃት በፊት የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወይም በየዲፓርትመንቱ እንድታዩት ትጠራላችሁ። ብዙ ተማሪ ስሙ መኖሩን ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ ጓደኛውን «የኔንም እይልኝ» የሚልም አለ። እባካችሁ ራሳችሁ ሂዱ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁንና ፓስፖርት ካላችሁ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው እየቆጠራችሁ ብታነቡት ይሻላል፤ ዓይን የለመደውን ስም ሲያይ ስህተቱን ዘልሎ ያልፋልና። የዚያን ቀን የሚታረመው ስህተት በእርሳስ ምልክት ነው የሚያልቀው። ከሴኔት በኋላ ግን ማመልከቻ፣ ማስረጃና ቀጠሮ ይሆናል።

ወደ ፀሐይ ልመለስ። ሁለተኛው ልዩነት የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ ያለው G/Michael ነው። ይህ የዩኒቨርሲቲው ስህተት አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ቅጹ ላይ ሙሉ አድርጋ የጻፈችውን ነው የያዘው። ስለዚህ ሬጅስትራር መጥታ «አስተካክሉልኝ» ብትል የሚስተካከል ነገር የለም። ጥያቄው መሄድ ያለበት ሰርተፊኬቱን ወደ ሰጠው ወደ ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የተማረችበትን ትምህርት ቤት ይጠይቃል። ስለዚህ መንገዱ ከትምህርት ቤቷ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ ሮስተሩን አይቶ «በመዝገባችን ላይ ያለችው ተማሪ ሙሉ ስሟ ይህ ነው» የሚል ደብዳቤ ይጽፍላታል። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ ሮስተሩን በቀላሉ በሚያገኝበት ጊዜ አድርጉት። መዝገብ ቤት ይዛወራል፣ የሚያውቃችሁ ርእሰ መምህርም ጡረታ ይወጣል። ማረሙ ካልተቻለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጪው ተቋም ማውጣት ይቻላል። ደብዳቤው እርማት አይደለም፤ ወረቀቱ እንደነበረ ሆኖ አጠገቡ ምስክር ይቆማል። እንደኔ እምነት ለእዝባር ዓይነት ልዩነት ይህ ይበቃል፤ የፊደል ስህተት ከሆነ ግን እርማቱን አጥብቃችሁ ፈልጉ።

ሦስተኛው ልዩነት ፓስፖርቷ ላይ ነው፤ Gebremikael። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መንገዱን ይስታል። ፓስፖርት የመንግሥት ሰነድ ስለሆነ ይበልጣል ብሎ ዲግሪው እንደ ፓስፖርቱ እንዲታረም ይጠይቃል። ሬጅስትራሩም ይከለክላል፤ መዝገቡ ላይ ስህተት የለበትምና። እኔ የምመክረው ፓስፖርቱ እንደ ዲግሪው እንዲታረም ነው። ፓስፖርት ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል፤ ዲግሪ አይታደስም። የሚታደሰው ወረቀት የማይታደሰውን ይከተል። የፓስፖርት ስም ደግሞ ከመታወቂያና ከልደት ሰርተፊኬት ስለሚወሰድ ፀሐይ መጀመሪያ ወሳኝ ኩነት ሄዳ የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ፣ ቀጥሎ ፋይዳ ላይ ስሟ ከትምህርት ማስረጃዋ ጋር አንድ መሆኑን ታረጋግጣለች፤ ፓስፖርቷን ስታሳድስ ያንን ይዛ ትቀርባለች። ፋይዳ ገና ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ፣ መዝጋቢው ስማችሁን በጆሮው ሰምቶ እንዲጽፍ አትተዉት፤ ሰርተፊኬታችሁን አሳዩትና ማያው ላይ የጻፈውን ራሳችሁ አንብቡት።

ፀሐይ አራት ወረቀት ይዛ መጥታ፣ ዩኒቨርሲቲው ያረመላት አንዱን ብቻ ነው። ሌላው ወደ ትምህርት ቤቷ፣ ሌላው ወደ ወሳኝ ኩነት ሄዷል። አራቱንም በአንድ መስኮት ለማስተካከል ብትሞክር ኖሮ ተመላልሳ በደከመች ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ እርማት ነው። ለውጥ ግን ሌላ ነው። እርማት ማለት ስሙ ያው ሆኖ የተጻፈበት መንገድ ሲስተካከል ነው። ለውጥ ማለት ሌላ ስም መውሰድ ነው። ፀሐይ «ፅዮን ልባል» ብትል ይህን ሬጅስትራር ሊፈጽመው አይችልም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ አቤቱታው ለከተማው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ያያል፣ ምስክር ሊሰማ ይችላል፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ሊያሳውጅም ይችላል። ሰው ስሙን ሲለውጥ ከዕዳ፣ ከክስ ወይም ከውርስ እያመለጠ እንዳይሆን ነው ይህ ሁሉ።

እዚህ ላይ በልቤ የከበደ አንድ ጉዳይ አለ፤ ከወላጆች መካከልም የሚመለከታችሁ ትኖራላችሁ። በአገራችን አጎቱ ወይም አያቱ ያሳደገው ልጅ ብዙ ነው። ትምህርት ቤት ሲያስገቡት አሳዳጊው «አባት» በሚለው ቦታ ይጻፋል። በዚያ ስም ሚኒስትሪ፣ ማትሪክ፣ ዲግሪ ድረስ ይዘልቃል። ልጁ ካደገ በኋላ የወላጅ አባቱን ስም ማስመለስ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴ በውርስ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድም ሊወስደው ሲያመለክትለት። ሬጅስትራር መጥቶ «የአባቴ ስም ተሳስቷል» ይላል። መዝገቡ ላይ ግን ስህተት የለም፤ ቤተሰቡ የሰጠው ስም ነው የተጻፈው። ስለዚህ ይህ በእኛ ዘንድ ለውጥ ነው፤ የሚጀምረውም ከፍርድ ቤት ነው። ልጁ ሲከፋውና እንደተካደ ሲሰማው አይቻለሁ፤ ግን መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ክፉ ሆኖ አይደለም። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ቅደም ተከተሉ ከወሳኝ ኩነት ወደ መታወቂያ፣ ከዚያ ወደ ፓስፖርት ነው። ዲግሪውን በተመለከተ ብዙ ተቋማት በአዲሱ ስም እንደገና አያትሙም፤ በተመረቀበት ቀን የነበረው ስም ያ ነበርና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከዲግሪው ጋር አያይዞ እንዲጠቀም ይነግሩታል። እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ወላጆች ግን ልጅ ስታስመዘግቡ የወላጅ አባቱን ስም አስጽፉ፤ አሳዳጊ የሚባል ቦታ ቅጹ ላይ ካለ የአሳዳጊው ስም እዚያ ይሞላል፤ ከሌለም በደብዳቤ ይያያዛል።

በዜግነት ለውጥ ስማቸውን የሚቀይሩ ወይም በውጭ አገር በጋብቻ የባላቸውን ስም የሚይዙ እህቶቻችንም ይህ ይመለከታቸዋል። አሜሪካ ዜግነት ሲወሰድ ስም መቀየር ይቻላል፤ ያንን ያደረገ ሰው የኢትዮጵያ ዲግሪውን እንዲያስቀይር አልመክረውም። የዜግነቱን ወይም የጋብቻውን ሰርተፊኬት ከዲግሪው ጋር ያቅርብ፤ የሁለቱን ስም ድልድይ የሚሠራው ያ ሰነድ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ የጠፋ ማስረጃ ነው።

ወረቀት ሲጠፋ መዝገቡ አልጠፋም፤ ዛሬም እዚያው ሬጅስትራር አለ። ስለዚህ የምታስመልሱት ዕውቀታችሁን ወይም መብታችሁን አይደለም፤ ግልባጩን ነው። ተቋሙ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ የጠፋው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ሁለት ዲግሪ በአንድ ስም እንዳይዞር። የሚጠየቁት ነገሮች ሁሉ ይህን ለመከላከል ናቸው።

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። እዚያ «ልዩ ልዩ ማስረጃ ጠፍቶብኛል» የሚል ደብዳቤ ይዛችሁ አትውጡ፤ ይህ ደብዳቤ የትም አያደርስም። የሰነዱ ዓይነት፣ የሰጠው ተቋም፣ የትምህርት ዘርፉ፣ የተመረቃችሁበት ዓመትና የመታወቂያ ቁጥራችሁ ይጻፍ። የ12ኛ ክፍል ከሆነ የፈተና ዓመቱና የመፈተኛ ቁጥሩ ይጻፍ። በአንድ ቦርሳ ሦስት ሰነድ ከጠፋ ሦስቱም በየስማቸው ይዘርዘሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም የፈተናዎች አገልግሎቱም ደብዳቤውን ዋናውን ሊጠይቁ ስለሚችሉ ለየተቋሙ እንዲጻፍላችሁ ለምኑ።

ቀጥሎ ለሰጪው ተቋም ታመለክታላችሁ። ብዙ ተቋማት በጋዜጣ ማስታወቂያ እንድታወጡ ያዟችኋል። ማስታወቂያው እንዲህ ዓይነት ነው፦ «እገሌ የተባሉት ተማሪ ከእገሌ ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ አያያዝ የተሰጣቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ስለጠፋባቸው፣ አግኝቻለሁ ወይም ይዣለሁ የሚል በተባለው ቀን ውስጥ ካልቀረበ ምትክ የሚሰጥ መሆኑን እናስታውቃለን።» ተቋሙ በደብዳቤ የሚሰጣችሁን ቃል ሳትቀይሩ አሳትሙ፤ የወጣበትን ጋዜጣ ሙሉውን ቅጠል ከነቀኑ አስቀምጡ። የተቆረጠ ብጣሽ ብቻ ይዛችሁ ብትመጡ ቀኑ አይታወቅም። ክፍያውን ስትከፍሉም ደረሰኝ ያዙ፤ የመጨረሻው መስኮት ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ምትኩ ሲወጣ በሦስት ነገር አትደንግጡ። «ምትክ» የሚል ቃል ይኖረዋል፤ ቁጥሩና ቀኑ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈርሙበትም የዛሬው ፕሬዚዳንትና የዛሬው ሬጅስትራር ናቸው። «የኔን ዲግሪ የፈረሙት ሌላ ሰው ነበሩ» እያሉ የሚያዝኑ አሉ። የዛሬ ሰው ስለ ትናንት መዝገብ ነው የሚመሰክረው፤ በድሮው ሰው ፊርማ ቢወጣ ኖሮ ያ ነበር ሐሰቱ።

ደግሞ ሁሉም ወረቀት አንድ አይደለም። ትራንስክሪፕት ከጠፋ አትጨነቁ፤ በተጠየቀ ቁጥር ይታተማል። እንዲያውም ለውጭ ተቋም የሚሄደው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የሚላክ ስለሆነ በእጃችሁ ያለው የተማሪ ኮፒ ብቻ ነው። ዲግሪ ግን ዋናው የሚታተመው አንድ ጊዜ ነው። ቴምፖ ጠፍቶባችሁ ከሆነና ወጪ መጋራታችሁን ከፍላችሁ ያጠናቀቃችሁ ከሆነ የቴምፖ ምትክ ከመጠየቅ ዋናውን ዲግሪ መጠየቅ ይሻላችኋል። ዋናው ሲሰጣችሁ ቴምፖው እንዲመለስ ስለሚጠየቅ የፖሊሱ ማስረጃ ግን ያኔም ያስፈልጋችኋል። በእሳት የተለበለበ ወይም ውኃ የነካው ሰነድ ደግሞ የጠፋ አይደለም፤ የተረፈውን ቁራጭ ይዛችሁ ኑ። ማኅተሙ ወይም ቁጥሩ ከታየ መንገዱ ያጥራል።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ሁለት ነገር። የማስረጃችሁን ሁለቱንም ገጽ ዛሬውኑ ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ፎቶኮፒ ዋናውን አይተካም፤ ግን ቁጥሩ፣ ቀኑና የመታወቂያ ቁጥራችሁ እዚያ ላይ ስለሚገኝ ማህደራችሁን ለማግኘት ይረዳል። ዋናውን ላሚኔት አታስደርጉ፤ የታተመው ደረቅ ማኅተም በጣት ሲዳሰስ አይታወቅም፤ አረጋጋጩም አይቀበለውም። በብዕር፣ በምላጭ ወይም በነጭ ቀለም አንድ ፊደል እንኳን አትንኩ። ትክክለኛ ዲግሪ በአንዲት የታረመች ፊደል ሐሰተኛ ሰነድ ይሆናል፤ የተመራቂው ማኅደርም በሕግ ጉዳይ ይያዛል። በግቢው በር ላይ ቆሞ «በሁለት ቀን አወጣልሃለሁ» የሚልን ደላላ ሽሹት። መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ማስረጃ ወደ ሰጪው ተቋም እየላኩ ያጣራሉ፤ ሲጣራ የሚታየው ወረቀቱ አይደለም፣ መዝገቡ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ምትክ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ትልካላችሁ። «ስለ እኔ ይፈጽምልኝ» የሚል ጥቅል ውክልና ብዙ ጊዜ አይበቃም። «ከእገሌ ዩኒቨርሲቲ የጠፋብኝን ዲግሪ ምትክ ለመጠየቅ፣ ማስታወቂያ ለማውጣት፣ ክፍያ ለመፈጸምና ሰነዱን ለመረከብ» ብላችሁ ዘርዝሩት። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ ሲመጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል።

የመጨረሻው ነገር የሚያሳዝን ቢሆንም መናገር አለብኝ። እስካሁን «መዝገቡ አለ» እያልኩ ነው የመጣሁት። መዝገቡ ራሱ ከጠፋስ? ከ2013 ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል። ከነዚያ የመጡ ተማሪዎች እዚህ አዳራሽም አላችሁ። በዚህ ጊዜ የነገሩ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ በእናንተ እጅ ያለው ወረቀት ለተቋሙ ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ አንደኛ፣ ሪፖርት ካርድ፣ የድሮ የተማሪ መታወቂያ፣ የምደባ ደብዳቤ፣ የተላከ ትራንስክሪፕት ቅጂ ካላችሁ አትጣሉ። ሁለተኛ፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤት በትምህርት ቤታችሁ ብቻ አልተያዘም፤ በፈተናዎች አገልግሎትም አለ፤ የመፈተኛ ቁጥርና ዓመት ካላችሁ የ12ኛ ክፍሉ ይገኛል። የክልል ፈተና ከሆነ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይጠየቃል። ሦስተኛ፣ ትራንስክሪፕታችሁ ከዚህ በፊት ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለቀጣሪ ተልኮ ከሆነ እዚያ ያለው ቅጂ ለተቋማችሁ የጠፋውን ገጽ ሊመልስለት ይችላል። ትምህርት ቤታችሁ አሁን ሥራ ጀምሮ እንደሆነ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ኮፒውን በአዲሱ ማህደር ውስጥ እንዲያኖሩት ጠይቁ፤ ደብዳቤም ይጻፍላችሁ። የሬጅስትራር ባልደረቦቼ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣ «መዝገብህ የለም» ብሎ መስኮቱን መዝጋት አይገባንም። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት፣ ለማመሳከር ወደ ፈተናዎች አገልግሎትና ወደ ክልሉ ቢሮ ደብዳቤ ላኩ። መዝገቡን እንደገና የምንሠራው በዚህ መንገድ ነው።

በእጃችሁ የተሳሳተ ወረቀት ያላችሁ ካላችሁ ይዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ስህተቱ የት እንደተወለደ አብረን እንይ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።